ከሐዋሳ ዱባይ፦ ርካሹ ትኬት ከነሻንጣው ስንት ይመጣል?

«ከአዲስ አበባ ዱባይ ደርሶ መልስ አንዱ አየር መንገድ 300፣ ሌላው 400 ዶላር ይላል። ርካሹን ልቁረጥ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የ300ውን እስከ መክፈያው ገጽ ድረስ ሂድበትና ሻንጣ ጨምርበት። እንዲህ ያለ ዋጋ ብዙ ጊዜ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለ23 ኪሎ በአንድ ጉዞ 60 ዶላር ቢጠይቅህ 420 ደረሰ ማለት ነው፤ የ400ው ሻንጣ ካካተተ እሱ ይሻልሃል። ስትሄድ ዕቃ ከሌለህ ግን ለመልሱ ብቻ ግዛ፣ 360 ይመጣል። ኤርፖርት ላይ ስለሚወደድ አስቀድመህ ጨርሰው። ወንበር መምረጥ ግድ ካልሆነብህ አትክፈልበት፤ ቼክ ኢን ስታደርግ በነጻ ይመደብልሃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሐዋሳ–አዲስ አበባው በረራ ነው። ለብቻው ከቆረጥከው የሚሠራብህ የአገር ውስጥ የሻንጣ ልክ ነው፤ ትርፉን ኪሎ እዚሁ ሐዋሳ ትከፍላለህ። እሱ ዘግይቶ የዱባዩ ቢያመልጥህም ሁለተኛው አየር መንገድ በነጻ ሌላ በረራ ላይ የማሳፈር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ከሐዋሳ እስከ ዱባይ በአንድ ትኬት ስንት እንደሚል እይ። ለየብቻ ከመረጥክ ቢያንስ ከዋዜማው አዲስ አበባ ግባ፣ የአልጋውንም ሒሳብ ደምር።

ቀኑን ሁለት ሦስት ቀን ወዲያ ወዲህ ስታደርግም የምታወዳድረው ይህንኑ ድምር ይሁን።