ድምፁ ከተሰብሳቢው ቁጥር ሲያንስ ቃለ ጉባኤው እንዴት ይታረማል?

ጥያቄ፦ «የሕንፃችን ማኅበር 60 አባላት አሉት። ቃለ ጉባኤው 22 በአዳራሽ፣ 17 በዙም፣ በድምሩ 39 ተገኙ ይላል። ድምፅ የሰጡት ግን 34 ናቸው፤ 19 ደገፉ፣ 15 ተቃወሙ። የተሸነፉት 5 ድምፅ ጠፍቷል ይላሉ። ጸሐፊው 39ን በፍሉድ አጥፍቶ 34 አደረገው። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ 17ቱ ሰዎች አይመስሉኝም፤ ዙም የሚያወጣው የተሰብሳቢዎች ሪፖርት መስመሮች ናቸው። ዙም ላይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው በተመለሰ ቁጥር አዲስ መስመር ይይዛል፤ የአዳራሹ ኮምፒውተርም የራሱ መስመር አለው። ሪፖርቱን በስም ቅደም ተከተል ደርድሩት። ኮምፒውተሩ አንድ፣ የተደገሙ ስሞች ሁለት ሆነው ከተገኙ የቀሩት ሰዎች 14 ናቸው፤ ተሰብሳቢውም 36 ነው።

ከዚያ በፊት ግን የተፈረመውን ወረቀት አትንኩ። ፍሉዱን አትፋቁት፣ አዲስ ገጽም አትተኩ፤ እንዳለ ፎቶ አንሱት።

የቀሩትን ሁለት ድምፆች በሰዓት ፈልጉ። ብዙ ጸሐፊ የሚስተው ምልዓተ ጉባኤ በር ላይ አንዴ ተቆጥሮ የሚያበቃ ስለሚመስለው ነው። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲወጣ ይታያል፤ በዙም ግን መስመሩ ሲቋረጥ ማንም ልብ አይልም። ስለዚህ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር እንደገና መቁጠር ግድ ነው። ሪፖርቱ 3:36 PM ሲል በእኛ ከቀኑ 9:36 ነው፤ ቃለ ጉባኤው በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ። ድምፁ ከ9:40 እስከ 9:43 ከተሰጠና ሁለት ሰዎች ከ9:40 በፊት ወጥተው ከ9:43 በኋላ ከተመለሱ፣ በዙም የነበሩት 12 ናቸው። 22 ሲደመርበት 34 ይሆናል፤ ሒሳቡ ገጠመ።

ተቃዋሚዎቹ 39ን ይዘው ቢከራከሩ አይፈረድባቸውም፤ የ39 አብላጫ 20 ስለሆነ 19 ድምፅ አያሳልፍም። የ34 አብላጫ ግን 18 ነው። ሁለቱ ተመልሰው ቢቃወሙ እንኳ 19 ለ17 ይሆን ነበር። ደንባችሁ የሚጠይቀው ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ማለትም 31 ከሆነ፣ ምልዓተ ጉባኤውም ተሟልቷል። የሚያስፈራው የተቋረጠው የአዳራሹ ኮምፒውተር ራሱ ከሆነ ነው፤ ያኔ ሩቅ ያሉት ክርክሩን ሳይሰሙ ድምፅ ሰጥተዋልና ድምፁ ይደገም።

እርማቱ በሌላ ገጽ ይጻፍ፦

«ከቀኑ 9:36 የአባል ቁጥር 27 መስመር ተቋረጠ፤ 9:45 ተመለሱ። ከቀኑ 9:39 የአባል ቁጥር 41 መስመር ተቋረጠ፤ 9:44 ተመለሱ። 9:40 ድምፅ ሲጀመር በአዳራሽ 22፣ በዙም 12፣ በድምሩ 34 አባላት ነበሩ። በአዳራሽ እጅ በማውጣት፣ በዙም በስም በሚታይ ምርጫ 19 ደገፉ፣ 15 ተቃወሙ።»

ይህ በሚቀጥለው ጉባኤ ተነቦ ይጽደቅ፤ የሁለቱም የዙም ሪፖርቶች፣ የተሰብሳቢውም የምርጫውም፣ ታትመው ይያያዙ። በፍሉድ የተነካው ገጽም እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ይቆይ፤ አይቀደድ፣ አይተካ።

ለሚቀጥለው በነፃ አካውንት አትሰብሰቡ። በ40 ደቂቃ ይዘጋና ሁሉም እንደ አዲስ ሲገባ ሪፖርቱ ይበጣጠሳል። ባልና ሚስት ሁለቱም አባል ሆነው በአንድ ስልክ ከገቡም ምርጫው አንድ ድምፅ ብቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛውን በስም ጠርታችሁ በቃል ተቀበሉና መዝግቡ።