ኃይሉ ከብልቃጡ ነው ወይስ ከየት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ የቅብዐ ቅዱስ ብልቃጥ አለች። ስይዛት ጉልበት ይሰማኛል። ረስቻት የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ግን አንድ ነገር የሚደርስብኝ ይመስለኛል። እናቴም ከግሸን የመጣ ጠበልና እምነት ቤት አላት። ስኳር አለባት፤ ጠበል በጀመረች ቁጥር ኪኒኗን ትተዋለች፣ «ቀሎኛል» ትላለች። ይህ የሚሰማን ኃይል ከውሃውና ከዘይቱ ነው ወይስ ከራሳችን?

መልስ፦ እህታችን፣ የሚሰማሽን «አይደለም፣ መስሎሽ ነው» አልልሽም። ከየት እንደሚመጣና ወዴት ሊወስድሽ እንደሚገባ ግን እንነጋገር።

ማርቆስ ምዕራፍ 5ን ገልጠሽ አንብቢ። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት አለች። ገንዘቧን ሁሉ ለሐኪሞች ጨርሳለች። «ልብሱን ብቻ ብነካ እድናለሁ» ብላ ከኋላ መጥታ ነካችው። ወዲያው መዳኗን በሰውነቷ አወቀች። ወንጌላዊው ራሱ «በሰውነቷ አወቀች» ብሎ ነው የጻፈው። ስለዚህ አንቺም ተሰማኝ ማለትሽ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጌታ «ጨርቅ ነክተሽ ነው እንዴ?» ብሎ አልነቀፋትም። ዝም ብሎም አልሸኛትም። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል ቆሞ «ልብሴን የዳሰሰ ማን ነው?» አለ። ደቀ መዛሙርቱ ገረማቸው፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋው እንዴት እንዲህ ይጠይቃል? እሷ ግን ገብቷታል። እየፈራችና እየተንቀጠቀጠች ወጥታ እውነቱን ሁሉ ነገረችው። ያን ጊዜ «ልጄ ሆይ፣ እምነትሽ አድኖሻል» አላት። ልብሴ አዳነሽ አላላትም። ልብሱን ነክታ ሹልክ ብላ ልትሄድ የነበረችውን ሴት ፊት ለፊት አቁሞ አነጋገራት። እኔ ስለ ጠበልና ስለ ቅብዐት ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ የምመለሰው እዚህ ታሪክ ላይ ነው። መንካቱ መጀመሪያ ነው። እዚያው መቅረት ግን የለም።

አሁን ወደ ስሜቱ ልምጣ። ሰው ሲፈጠር ንክኪን በልቡ የሚቆጥር ሆኖ ነው የተፈጠረው። ፖል ሮዚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በሙከራ አሳይቷል። የሞተ በረሮ አምጥተው ከማንኛውም ጀርም አጸዱት። ከዚያ ጭማቂ ውስጥ ነከር አድርገው አወጡት። ሰዎቹ በረሮው ንጹሕ መሆኑን እያወቁም ጭማቂውን መጠጣት ቀፈፋቸው። ያስጠላን ነገር የነካው ሁሉ ያስጠላናል። በተቃራኒው ደግሞ የምንወደውና የምናከብረው ሰው የነካው ዕቃ ይከብድብናል፤ የሟች አባትሽን ጋቢ ለማንም አውጥተሽ አትሰጪም። ይህ የክርስቲያን ብቻ ጠባይ አይደለም። እዚሁ ደሴ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከመካ ዘምዘም ሲመጣላቸው በስንት ክብር እንደሚቀበሉት አይተሻል።

ጠበል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የደሴን የንጋት ብርድ ታውቂዋለሽ። በባዶ ሆድ ቆመሽ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድብሽ ትንፋሽሽ ቁርጥ ይላል፣ ልብሽ ይመታል። ከዚያ ሰውነትሽ ይሞቃል፣ አእምሮሽም ንቅት ይላል። ዙሪያሽን ሰው «እግዚኦ» ይላል። ይህ ሁሉ በሥጋሽ የሚሆን ነው። ሥጋችንንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ እኔ በዚህ አልደነግጥም። ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲጠመቅ ታዘዘ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውም ዓይኑ ጭቃ ተቀብቶ በሰሊሆም ታጠበ። እግዚአብሔር ሥጋ ለለበሰ ሰው በሚዳሰስ ነገር መሥራቱ አዲስ አይደለም።

ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ስሜቱ የሰው ሁሉ ጠባይ ከሆነ፣ ስሜት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከባለ ክታብ የተገዛ ክታብም ልብን ሞቅ ያደርጋል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ፍጥረት «በእግዚአብሔር ቃልና በጸሎት» ይቀደሳል ይላል። ብልቃጥሽ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ካህኑ ጸሎት አድርሶበት፣ በመስቀል ባርኮት ነው ቅዱስ የተባለው። ያዕቆብም በመልእክቱ የታመመ ሰው ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ እነሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ዘይቱ፣ ካህኑ፣ ጸሎቱና የታመመው ሰው አብረው ናቸው። ዘይቱን ለብቻው ነጥለሽ ቦርሳ ውስጥ ስትከቺው ከነገሩ ትንሹን ክፍል ነው የያዝሽው። (በነገራችን ላይ ይህ ከቅብዐ ሜሮን የተለየ ነው። ሜሮን ጳጳሳት የሚባርኩት፣ አዲስ ተጠማቂ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከብርበት ምስጢር ነው። «ሜሮን አለኝ፣ ላምጣልሽ» የሚል ካለ አትመኚው።)

ስለ ፍርሃትሽ ግልጹን ልንገርሽ። ብልቃጧን ይዘሽ ደስ ማለቱ አላሳሰበኝም። ረስተሻት ስትወጪ መፍራትሽ ነው ያሳሰበኝ። ሙሴ በምድረ በዳ የናስ እባብ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር፤ በእባብ የተነደፈ ያየው ሁሉ ዳነ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ግን ሕዝቡ ለዚያው ናስ ዕጣን ማጠን ጀመረ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው፣ መጽሐፍም ለዚህ ያመሰግነዋል። ሲሠራ ቅዱስ ነበር። የተበላሸው ሰዉ እግዚአብሔርን ትቶ ናሱን ሲይዝ ነው። አንቺም ሐረጎን ስትወርጂ «ብልቃጧ የለችም፣ ስለዚህ እግዚአብሔር የለም» እያልሽ መሆኑ አልታወቀሽም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሳምንት ብልቃጧን ቤት፣ ሥዕል ያለበት ቦታ አስቀምጫት። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ፣ ፊትሽን አማትበሽ ውጪ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱሻል። ፍርሃቱ ቀን በቀን ከቀነሰ ልማድ ነበር ማለት ነው። ካልቀነሰ፣ ወይም እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ማየት ነውር የለውም። ከዚያ በኋላ ብልቃጧን መልሰሽ ብትይዣት አልከለክልሽም።

አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። ሰሞኑን በቴሌግራም «ልዩ ቅብዐት» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ጠርሙሱ ላይ ዋጋ ከተጻፈ፣ ዋጋውም «ለትዳር ይሄ፣ ለሥራ ይሄ» እየተባለ ከተለያየ፣ ያንን አትንኪ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሲሞን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ ምን እንዳለው አንብቢ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ መባ ሌላ ነው፤ ካልሰጠሽ ይቀርብሻል አይባልም።

አሁን ወደ እናትሽ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ስኳር ተንኮለኛ በሽታ ነው። ኪኒን ያቆመ ሰው በማግስቱ አይወድቅም። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ደህና ነኝ ይላል። በዚያው ጊዜ ጠበል ከጠጣ «በጠበሉ ቀለለኝ» ይላል፣ አይዋሽምም፤ ልቡ ቀሎታል። ስኳሩ ግን ውስጥ ለውስጥ እየወጣ ነው። ውሃ ጥም ሲበዛ፣ ሽንት ሲመላለስ፣ ዓይን ሲደበዝዝ ዘግይቷል። ተስፋና እምነት ሕመምን፣ ጭንቀትን፣ ድካምን ያቀላሉ። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ግን «ቀለለኝ» በማለት ማወቅ አይቻልም። እግዚአብሔር ፈውሷት ከሆነም መርፌዋ ጣቷን ስትወጋ መሣሪያው ላይ ይታያል። ፈውስ ምርመራን አይፈራም። ጌታም ለምጻሞቹን «ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ነው ያላቸው።

ሌላም አደጋ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ለጠበል ብላ በባዶ ሆድ የምትቆም የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር በኃይል የሚያወርድ ኪኒን ወስዳ ከሆነ፣ ስኳሯ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የማይያያዝ ነገር ትናገራለች፣ ትወድቃለች። ዙሪያዋ ያለው ሰው «መንፈሱ ተነሣ» ብሎ ውሃ ይጨምርባታል። እሷ ግን የሚያስፈልጋት ስኳር ነው። መለኪያው ካለሽ ለኪ፤ ከ70 በታች ካሳየ፣ መዋጥ የምትችል ከሆነ ወዲያው ስኳር በጥብጠሽ አጠጫት። መለኪያ ከሌለም ጊዜ አታጥፊ፣ ስኳሩን ስጫት። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አታስገቢ፣ ወደ ሐኪም ቤት አሩጫት።

ጠበሏን ተዪ አትበያት፣ ጠብ ነው የሚሆነው። ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ ጠበሏን ትጠጣ፣ ቁርሷን ትብላ፣ ኪኒኗን ሐኪሙ ባዘዛት ሰዓት ትዋጥ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸውን ንገሪያት። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ጠበል የገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ትተው ነበርና። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ንም አንብቢላት፤ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። የኔን ቃል ባትሰማ የንስሐ አባቷን ቃል ትሰማለች፤ አባን ቤት ጠርተሽ እሳቸው ራሳቸው «እማማ፣ ኪኒንሽን ዋጪ» እንዲሏት አድርጊ። ይህ ከሁሉም ይሠራል።

ስለ ጀሪካኑ ጠበልም አንድ ቃል። ወራት የቆየ፣ የሸተተ ወይም አረንጓዴ ያወጣ ከሆነ አትጠጣው። ጠበል ነውና አይበከልም የሚል ሰው ታገኛለሽ። በ2015 ዓ.ም. ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ገብቶ ሰው አልቋል። የተበላሸውን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍ ሥር አፍስሽው። አዲሱን በንጹሕ ዕቃ ቅዱ።

የሚቀጥለው ዓመት የመስከረም 21 ግሸን እሄዳለሁ ካለች ደግሞ ጫማዋን አስቀድመሽ ተመልከቺ። ብዙ የስኳር ሕመምተኞች እግራቸው ይደነዝዛል፤ በባዶ እግሯ ዳገቱን ስትወጣ ድንጋይ ቢወጋት አይታወቃትም። የማይጨምቅ ጫማ ታድርግ፣ ማታ ማታም ውስጥ እግሯን አንቺ ራስሽ በመብራት እዪላት።