ሰዓቱ ሲደርስ የሚልከው ማነው?

ጥያቄ፦ «ጂሜይል ላይ ለጠዋት የቀጠርኩት ኢሜይል ላፕቶፔ ጠፍቶም ይሄዳል። የቢሮው አውትሉክ ላይ የቀጠርኩት ግን ሳይሄድ ያድራል። ለምን? ደግሞስ Undo ስል ኢሜይሉ ከሰውየው ሳጥን ይወጣል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አይወጣም። Undo ማለት የሄደውን መመለስ ሳይሆን መሄጃውን ማዘግየት ነው። Send ስትጫን ኢሜይሉ ለጥቂት ሰከንድ ይያዛል። ጂሜይል Settings ውስጥ Undo Send የሚለው ጋ 5፣ 10፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ ያስመርጥሃል። ያ ካለፈና የተቀባዩ ሰርቨር አንዴ «ተቀብያለሁ» ካለ በኋላ አለቀ፤ ሰርቨሮች የሚላላኩበት ኤስኤምቲፒ «መልስልኝ» የሚል ትዕዛዝ የለውም።

ቀጠሮው ላይ ዋናው ነገር ሰዓቱ ሲደርስ «ላክ» የሚለው ማነው የሚለው ነው። በጂሜይል Schedule send ሰርቨሩ ራሱ ነው፤ አንተ ተኛ አልተኛህ ግድ የለውም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የድሮው አውትሉክ ግን እንደ አካውንቱ ይለያያል። የማይክሮሶፍቱ የቢሮ ኢሜይል ሰርቨር ኤክስቼንጅ ከሆነ ሰርቨሩ ይዞ ሊያቆይልህ ይችላል። ኢሜይሉን ከሰርቨር የሚያመጣው አይማፕ ወይም ፖፕ በሚባለው መንገድ ከሆነ ግን በ Delay Delivery የቀጠርከው Outbox ውስጥ፣ ማለትም እዚያው ማሽንህ ላይ ይቀመጣል። አውትሉክ ካልተከፈተ የሚልከው የለም። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ ወደ ቤት እንደመሄድ ነው። የአንተም አይማፕ ይመስለኛል፤ Account Settings ውስጥ Type የሚለውን እይ። «የምልከውን ሁሉ 2 ደቂቃ አቆይ» የሚለው ሩልም (እስከ 120 ደቂቃ ይሄዳል) የሚሠራው ማሽንህ ላይ ነው።

እኔን ያስበላኝ ግን ሌላ ነው። እሁድ ማታ የዋጋ ማቅረቢያ ጽፌ ለሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠርኩ። (የሚሞላው 8:00 AM ነው። በእኛ አቆጣጠር 2:00 AM ብትል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሄድብሃል።) ከመተኛቴ በፊት ስልኬን ሳይ Drafts ውስጥ አለ። «እንግዲህ ሰርቨር ላይ ነው» ብዬ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ጠዋት መብራት የለም፣ ባትሪውም አልቋል። 5 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ስከፍት ኢሜይሉ ዓይኔ እያየ ያኔ ገና ወጣ። ደንበኛው 4 ሰዓት ላይ ወስኖ ጨርሷል።

ረቂቁ እውነትም ሰርቨር ላይ ነበር። ሰዓቱን እያየ የሚልከው ግን ላፕቶፔ ላይ የጫንኩት ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ በሌላ ስልክ መታየቱ ምንም አያረጋግጥም። አካውንትህ አይማፕ ወይም ፖፕ ሆኖ Outbox ውስጥ ካየኸው ግን በማሽንህ ላይ እንደተንጠለጠለ እወቅ።

አሁን አዲስ አካውንት በከፈትኩ ቁጥር ለራሴ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚሄድ ኢሜይል እቀጥራለሁ። ላፕቶፑን አጠፋለሁ፤ ማጥፋት ነው እንጂ መክደን አይደለም። በሰዓቱ ስልኬ ላይ ከደረሰ የላከው ሰርቨሩ ነው። ካልደረሰ የቢሮህ ኢሜይል በብሮውዘር ሲከፈት Schedule send ካለው ከዚያ ቅጠር፤ ከሌለው ላፕቶፑን ከቻርጀር ጋር ክፍት አሳድረው፣ sleep እንዳይገባም አድርግ።