ከጥንድ ጉትቻ አንዱ ሲጠፋ መድን የሚከፍለው ስንት ነው?

«የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው ወር ቤታችን ተሰብሮ ጉትቻዬ ተሰረቀ። ሌባው ሲሸሽ ከጥንዱ አንዱን ግቢ ውስጥ ጥሎት አገኘነው። መድን ድርጅቱ የጠፋው አንድ ስለሆነ የጥንዱን ዋጋ ግማሽ ብቻ እከፍላለሁ አለኝ። አንድ ጉትቻ ምን ያደርግልኛል? ሙሉውን መጠየቅ አልችልም?»

ሙሉውን አብዛኛውን ጊዜ አያገኙም፤ ግማሹን ግን ዝም ብለው አይቀበሉ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ልክ እንደ እርስዎ ያለ ጉዳይ መጀመሪያ እጄ ሲገባ እኔም ለሁለት አካፍዬ ጽፌ ነበር፤ ስህተት ነበር።

እኛ ጎጃሞች ይህን ነገር ከበሬ እናውቀዋለን። ከጥማዱ አንዱ የሞተበት ገበሬ የማሳውን ግማሽ አያርስም፤ ጨርሶ አያርስም። የቀረው በሬ ግን ከንቱ አልሆነም። ገበያ ቢወጣ ይሸጣል፤ እንደ እርሱ አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ከተገኘም በመቀናጆ ይጠመዳል። ስለዚህ የገበሬው ጉዳት በሁለት በሬ ዋጋ አይቆጠርም፤ ግን ከጥማዱ ዋጋ ግማሽ ሊበልጥ ይችላል። በመድን ውል ውስጥ ስለ ጥንድና ስለ ስብስብ ዕቃ የሚናገረው አንቀጽ የሚለካው ይህንኑ መካከለኛ ቦታ ነው።

አንቀጹ በሁሉም ውል ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የእርስዎ ዕጣ የሚወሰነውም በቃላቱ ነው። ጠበቅ ያለው ዓይነት፣ ድርጅቱ የሚከፍለው የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ብቻ እንደሆነ፣ ዕቃው የጥንድ አካል በመሆኑ ያገኘው ልዩ ዋጋ እንደማይታሰብና ካሳውም ከጥንዱ የመድን ገንዘብ ተመጣጣኝ ድርሻ እንደማይበልጥ ይናገራል። ውልዎ ይህን የሚል ከሆነ ግማሽ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ቢከራከሩም ብዙ አይራመዱም። ሌላው ዓይነት፣ የጠፋው ዕቃ በጥንዱ ውስጥ ያለው ጠቀሜታ ታይቶ ተገቢና ፍትሐዊ ድርሻ ይከፈላል፣ ነገር ግን ጥንዱ በሙሉ እንደጠፋ አይቆጠርም ይላል። ሦስተኛው ምርጫውን ለድርጅቱ ይሰጣል፦ ወይ የጎደለውን ተክቶ ጥንዱን ወደ ቀድሞው ይመልሳል፣ ወይ ጥንዱ፣ አንዱ ከመጥፋቱ በፊትና በኋላ ባለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይከፍላል። በእነዚህ በሁለቱ ዓይነቶች «ግማሽ» የሚል ቃል የለም።

የኔ ደንበኛ የቡሬ ሴት ነበሩ፤ ለልጃቸው ሰርግ ያሠሩት ጥንድ ጉትቻ ነው። አንዱ ከተሰረቀ በኋላ የቀረውን በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ «ግማሹን ትከፍለኛለህ፤ ይህንንስ ማን ይገዛኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ውላቸውን ደግሜ ሳነበው የሦስተኛው ዓይነት ነበር። ጉትቻውን ይዘን ወደ ሁለት ወርቅ ሠሪዎች ሄድንና ለሁለቱም ሦስት ጥያቄ አቀረብን፦ ጥንዱ ሙሉ ቢሆን ዋጋው ስንት ነው? ይህን ብቻውን ስንት ትገዛዋለህ? አምሳያውን ለመሥራትስ ስንት ትጠይቃለህ?

እያንዳንዱ ጉትቻ 5 ግራም ነበር። አዲስ ወርቅ ያን ጊዜ በግራም 7,600 ብር ስለነበር የጥንዱ ወርቅ 76,000፣ የሁለቱ የእጅ ዋጋ 14,000፣ ባጠቃላይ 90,000 ብር ሆነ። የቀረውን ግን ወርቅ ሠሪው የሚገዛው አቅልጦ ለመጠቀም ነው፤ የእጅ ዋጋው ወደቀ፣ ግራሙም በአሮጌ ወርቅ ሒሳብ 6,400 ተባለ፤ ስለዚህ 32,000 ብር። ልዩነቱ 58,000 ነው። አምሳያውን ለመሥራት ደግሞ ወርቁ 38,000፣ የእጅ ዋጋው 14,000፣ ባጠቃላይ 52,000 ብር ጠየቀ። ለአንድ ጉትቻ የጥንድ ያህል የእጅ ዋጋ የጠየቀው የነበረውን ቅርጽ እያየ መቅዳት አዲስ ጥንድ ከመሥራት ስለሚከብድ ነው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ግማሽ 45,000 ነበር። ምርጫው የድርጅቱ ስለነበር ዝቅ ያለውን፣ ማለትም አምሳያውን ማሠራቱን መረጥን፤ ከካሳው የሚቀነሰው የደንበኛ ድርሻ ከዚያ ላይ ታስቦ ተነሣ። ሴትየዋም ጥንዳቸውን ይዘው ወደ ቡሬ ተመለሱ።

ሴትየዋ ያልተሰረቁት የአንገት ሐብላቸውና ቀለበታቸውም ከጉትቻው ጋር ተመሳስለው የተሠሩ ስለነበሩ ለእነርሱም ካሳ ጠይቀው ነበር። ይህን አልተቀበልንም፤ ሐብል ለብቻው ይደረጋል፣ አምሳያው ከተሠራ ደግሞ ስብስቡ ምንም አልጎደለበትም። ሙሉውን ዋጋ የሚከፍሉ ውሎች አሉ፤ በተለይ ጌጣ ጌጥ ወይም የጥበብ ሥራ በዝርዝር ተመዝግቦ ዋስትና ሲገባ። ያን ጊዜ ግን የቀረውን ዕቃ ለድርጅቱ ያስረክባሉ። ገንዘቡንም ጉትቻውንም መያዝ አይቻልም፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕጋችንም የንብረት መድን የሚክሰው የደረሰውን ጉዳት ነው፣ ትርፍ የሚገኝበት አይደለም።

የጥንዱ የመድን ገንዘብ ስንት ተብሎ እንደተመዘገበም ይመልከቱ። ወርቅ ሲወደድ ብዙ ሰው ውሉን አያሳድስም። 90,000 የሚያወጣ ጥንድ በ60,000 ተመዝግቦ ቢሆን፣ አብዛኞቹ ውሎች ከጉዳቱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይከፍላሉ፤ ከ52,000 ብር እጅዎ የሚገባው ወደ 34,700 ብር ነው።

አሁን አደራ የምልዎት፣ የቀረውን ጉትቻ አይሽጡ፣ አያስቀልጡም። አንድ የዳንግላ ደንበኛ ጉዳያቸው ሳያልቅ የቀረውን ቀለበት አሠርተውበት መጡ። ቅርጹን የሚያሳይ ፎቶግራፍም ደረሰኝም አልነበረም። ያን ምን ብለን እንገምተው? ሳንወድ ግማሽ ከፈልን። በእርስዎ እጅ ያለው አንድ ጉትቻ ዋናው ማስረጃዎ ነው፤ ክብደቱን፣ ካራቱንና የእጅ ሥራውን የሚናገረው እርሱ ነው።

ድርጅቱ አምሳያውን አሠራለሁ ካለ፣ ካራቱ አንድ መሆኑን በጽሑፍ ያስይዙ። 21 ካራት ከ18 ካራት ጋር ሲጠመድ ቀለሙ ይለያያል፤ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ሲያዩት ያስታውቃል። ካልገጠመ በልዩነቱ ሒሳብ እንዲከፈልዎት ቀድመው ይስማሙ፤ ከተረከቡና ከፈረሙ በኋላ ማስመለሱ አድካሚ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርንጫፉ ሲሄዱ ስለ ግማሽ አይከራከሩ። ግማሽ የሚለው ስሌት በየትኛው አንቀጽ ላይ እንደተመሠረተ በጽሑፍ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። አንቀጹ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብልዎት ሰው ይዘው ይሂዱ። ከዚያ በፊት ከሁለት ወርቅ ሠሪዎች ለሦስቱ ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ፣ ክብደትና ካራት ተጠቅሶበት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይያዙ። የአንቀጹን ቃል እዚህ ቢጽፉልኝ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ እነግርዎታለሁ።