መልስ፦ ቱ ፋክተር እያለም ሎክ የሚሆን አካውንት

«ፒያሳ ቢሮ ያለው ሰርቨር ላይ የሂሳብ ሰራተኛችን ከቤቷ በሪሞት ዴስክቶፕ ትገባለች፣ ቱ ፋክተር ካስገባን በኋላም አካውንቷ በየቀኑ ሎክ ይሆናል፣ ሎክአውቱን ላጥፋው እንዴ?»

ኧረ እንዳታጠፋው ወንድሜ። ቱ ፋክተሩ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ኮድ የሚጠይቀው ፓስወርዱ ትክክል ከሆነ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ውጭ ያለ ቦት በሷ ስም የተሳሳተ ፓስወርድ ሲሞክር ኮዱ ጋ ሳይደርስ ሙከራው ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ሲሞላ የምትቆለፈው እሷ ናት።

መጀመሪያ Event Viewer ከፍተህ Security ውስጥ 4625ን እይ፣ ያልተሳካ ሙከራ ማለት ነው፣ በምን ስም እንደተሞከረና ብዙ ጊዜም ከየት አይፒ እንደመጣ ይነግርሃል። 4740 ደግሞ መቼ እንደተቆለፈ ያሳይሃል (ዶሜን ካላችሁ ዶሜን ኮንትሮለሩ ላይ ፈልገው)። ከማታውቀው አይፒ admin፣ test እያለ የሚጎርፍ ከሆነ የሪሞት ዴስክቶፑ 3389 ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ሳይሆን አይቀርም። ሁሌ ከአንድ የራሳችሁ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ጥቃት ላይሆን ይችላል፣ የሆነ ቦታ ሴቭ የተደረገ አሮጌ ፓስወርድ ካለ ቼክ አድርግ።

ክፍት ከሆነ ራውተሩ ላይ ፖርቱን ዝጋና በቪፒኤን ትግባ፣ ቱ ፋክተሩንም እዛው ቪፒኤኑ ላይ አድርገው። ፖርት ቁጥር መቀየር ብቻውን አያድንህም፣ ስካን ሲያደርጉ ያገኙታል። ሎክአውቱን፣ ዶሜን ከሌላችሁ secpol.msc ላይ፣ 10 ስህተት፣ 10 ደቂቃ አድርገው፣ ዊንዶውስ 11 ከ22H2 ጀምሮ ይዞት የሚመጣው እሱን ነው። ቪፒኤኑ ላይ በአይፒ የምታደርገውን ሬት ሊሚት ግን ብዙ አታጥብቀው፣ በሞባይል ዳታ የሚገቡ ሰዎች አንድ አይፒ ሊጋሩ ስለሚችሉ በሌላ ሰው ስህተት እሷ ትታገዳለች።