ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁኝ፤ ሐዋሳ ላይ ፈቃድና ብቃት ማረጋገጫ

የነጋዴዎችን ሒሳብና መዝገብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዚህ ቡድን ለአባላት ጥያቄ የምመልሰው የትኛው ሐሳብ ፈቃድ ብቻ፣ የትኛው ደግሞ ተጨማሪ ወረቀት እንደሚፈልግ ነው። እስካሁን ቤት ያልተከራያችሁ ገና አትከራዩ።

ጋሼ፣ ሐዋሳ ላይ አሁን ምን ሥራ ያዋጣል?

አላውቅም። ባውቅ እኔው እሠራው ነበር።

ሦስት ሐሳብ አለኝ፤ የጽሕፈት መሣሪያ ከፎቶ ኮፒ ጋር፣ ጭማቂ ቤት፣ ወይም ባልትና አሽጎ ለሱፐርማርኬት ማቅረብ። ታቦር አካባቢ ቤት አግኝቻለሁ፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። የትኛውን ልምረጥ?

እህቴ፣ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው መልስ ድረስ ያዢው።

ደብተር ክፈቺና ለእያንዳንዱ ሐሳብ በግስ ጻፊ፤ እሸጣለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አሽጋለሁ። ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚሰጥሽ ፈቃድ የሐሳብሽን ስም ሳይሆን ግሱን ይከተላል። እያንዳንዱ ግስ በመደብ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አለው፤ ዝርዝሩን እዚያው ጠይቂ፣ ወይም etrade.gov.et ላይ ተመልከቺ። መደቡ ከታወቀ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ትጠይቂያለሽ፦ «ለዚህ መደብ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል? ከፈቃዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚሰጠውስ ማን ነው?»

የጽሕፈት መሣሪያ ተራ ችርቻሮ ነው። ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ፈቃድ፤ አለቀ።

ጭማቂ ቤት ሲሆን ጤና ጽሕፈት ቤት ይገባበታል። ባለሙያው መጥቶ የሚያየው ማቀዝቀዣሽን ብቻ አይደለም፤ ውኃው ከየት ይመጣል፣ ብርጭቆ የሚታጠበው የት ነው፣ ሽንት ቤቱ ምን ላይ ይከፈታል፣ ፍሳሹ የት ይሄዳል፣ የሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ወረቀት አለ ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው የቤቱ ጉዳይ እንጂ ያንቺ አይደለም። አከራዩ ግድግዳ አላፈርስም ካለ ነገሩ ያበቃል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከወንድሜ ጋር ቁርስ ቤት ልከፍት የስድስት ወር ኪራይ ከፍዬ የሽንት ቤቱ በር ወደ ማብሰያው የሚከፈት ሆኖ ተገኘ። አከራዩ ብሩን አልመለሰም። እኛም ወሩን ሙሉ ቁልፉን ይዘን ቤቱን እየከፈትን ተቀምጠን ሻይ ጠጣን።

ባልትናው ከሁሉም ይከብዳል፤ ለምን እንደሚከብድ ብዙ ሰው አይገባውም። ሱቅ ውስጥ ሽሮ መዝነሽ መሸጥ አንድ ነገር ነው። በርበሬ ገዝተሽ፣ ፈጭተሽ፣ በራስሽ ስም አሽገሽ ለሌላ ሱቅ ስታቀርቢ ግን ምግብ አምራች ሆነሻል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚይዝሽ እዚህ ላይ ነው፤ የብቃት ማረጋገጫ ሳይኖር ማምረት አይቻልም። ስለዚህ ቤቱን ስታዪ እንደ በርበሬው ሁኚ። ከሀላባ የመጣው ጆንያ በየትኛው በር ይገባል? የሚለቀመው የት ነው? የሚፈጨው የት? የታሸገው ፓኬት ጥሬውን እንደገና ሳያገኝ መውጣት ይችላል? አንድ በር ያለው አንድ ክፍል ከሆነ መልሱን አግኝተሻል። ግድግዳውና ወለሉ ውኃ ካልቻሉም እንደዚያው።

ሌላው በርበሬው ራሱ ነው። እርጥብ መሬት ላይ የደረቀ ወይም በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። መፍጨትም መቁላትም አያጠፋውም። አቅራቢሽን ሳትመርጪ ፓኬት አታሳትሚ። ፓኬቱ ላይ ደግሞ የምርቱ ስም፣ የገባበት ነገር፣ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቹ አድራሻ መኖር አለበት። አድራሻው ያላለቀ ቤት ላይ አሥር ሺህ ፓኬት ያሳተመ ሰው አውቃለሁ፤ ቤቱ ሲቀየር ፓኬቱ ለማገዶ ሆነ።

እንግዲህ ሦስቱን ስታወዳድሪ ትርፉን ብቻ አታወዳድሪ። የመጀመሪያው የሚፈልገው ቆጣሪ ያለው ክፍል ነው፣ ሁለተኛው የውኃና የፍሳሽ ቤት፣ ሦስተኛው አነስተኛ ፋብሪካ።

ወንድሜ፣ አታስፈራራት። ቲን ካላት ትሠራለች፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው። (ባለ ባጃጅ)

ቲን የግብር ቁጥር ነው። ግብር መክፈልህ ፈቃድ አይሆንህም። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ፈቃድ መነገድ ዕቃ መወረስ፣ መቀጮና እስራት የሚያመጣ ወንጀል ነው። «ሰው ሁሉ» የሚባለው ሰው ሲያዝ ብቻውን ነው።

እሺ፤ እኔ ግን ባጃጅ ላይ ነኝ። ከማኅበር ወጥቼ በራሴ ብሠራ ታርጋው ምን ይሆናል? (ባለ ባጃጅ)

ይህ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። እዚያ ጠይቅ።

በጥቃቅንና አነስተኛ ብትደራጅ ሁሉም ነገር ይቀርላታል፤ እኛ ሼድ ወስደን ነው የጀመርነው። (የአምስት ልጆች ማኅበር)

ግማሹ እውነት ነው። ሼድ ማግኘት የኪራይን ችግር ይፈታል፤ ብድርና ሥልጠናም ይኖራል። የጤናው መስፈርት ግን ሼድ ነው ብሎ አያልፍም። እናንተ ምን ነበር የምታመርቱት?

ብሎኬት። (የአምስት ልጆች ማኅበር)

ብሎኬት አይበላም።

ዶሮ ርባታ ግብርና ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም አይደል? ቱላ በኩል ግቢ አለኝ።

አያስፈልግም፤ ገበሬ ያመረተውን ሲሸጥ ነጋዴ አይባልም። (አንድ አባል)

ገበሬ ማን ነው? ሁለት ሺህ ዶሮ ያለው የከተማ ሰው ገበሬ ነው? (ሌላ አባል)

ጎረቤቴ ሦስት መቶ ዶሮ አለው፤ ማንም አልጠየቀውም፤ ሽታው ግን ገደለን። (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ክርክሩን ቀጥሉ፤ እኔ አልፈርድም። ራስህ ያመረትከውን መሸጥና ከሌላ ገዝተህ ዕንቁላል ማከፋፈል ግን አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ንግድ ነው። ግቢው ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ ግብርና ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ፤ ጎረቤትህ ከመጠየቁ በፊት።

ፈቃድ ለማውጣት ምን ምን ያስፈልጋል?

የምን ፈቃድ?

የንግድ።

ከላይ ያለውን አንብብ። ግስህን ጻፍና ተመለስ።

ካፌ ፈቃድ አለኝ። ኬክ ጋግሬ ለሌሎች ካፌዎች ባከፋፍል ችግር አለው?

አለው። ለእንግዳህ ማቅረብ የካፌ ሥራ ነው፤ ለሌላ ነጋዴ ማቅረብ ማምረት ነው። መደብ ጨምር፤ ከመጨመርህ በፊትም መጋገሪያህ ለዚያ መደብ ይበቃ እንደሆነ ጠይቅ።

ጋሼ፣ የባልትናዋ ነኝ። ቤቱን ሄጄ አየሁት። አንድ በር ነው ያለው፤ ሽንት ቤቱ ግቢው ውስጥ የጋራ ነው። አከራዩ ሐሙስ ድረስ እጠብቅሻለሁ ብሏል። ካርታውን አሳየኝ ስለው «የቀበሌ ቤት ነው፣ ግን ችግር የለውም» አለኝ።

ችግር አለው። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ላንቺ ሲያከራይ መብቱን ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ውሉ አይጸድቅልሽም፤ ውሉ ካልጸደቀ አድራሻሽ አይያዝም። ለፎቶ ኮፒም ቢሆን ይህ ቤት አይሆንም።

በእናቴ ግቢ ብጀምርስ? ኋላ ላይ ሁለት ክፍል ባዶ አለ።

ከእናትሽ ካርታ ጀምሪ፤ የቤቱ አገልግሎት መኖሪያ ተብሎ ከተጻፈ ለማምረቻ ይፈቀድ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቂ። ከዚያ የጤናውን መስፈርት ወረቀት ለምነሽ ያዢ፤ በቃል አትቀበዪ። ሁለቱን ክፍል በሜትር ለክተሽ፣ በሩን፣ መስኮቱንና የውኃውን ቧንቧ በወረቀት ሥለሽ ሂጂ። ባለሙያው ሥዕሉን ሲያይ የትኛው ግድግዳ ላይ በር መከፈት እንዳለበት ራሱ ይነግርሻል።

ጋሼ፣ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል?

የምን ፈቃድ?