ኮንቬክሲቲ ስጨምር ግምቴ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦ «ወገን፣ ሐዋሳ ነኝ፤ ለፈተና እያነበብኩ ነው። የ1,000 ብር ቦንድ፣ 10 ዓመት፣ በዓመት አንዴ 9% ኩፖን። ይልዱ ከ9% ወደ 12% ሲወጣ በዱሬሽን ስገምት 807 ብር መጣልኝ። ኮንቬክሲቲው 56.5 ነው፤ እሱን ስጨምርበት 858 ሆነ። ሙሉውን ስሠራው ግን 830 ነው። ማረሚያው ጭራሽ አባሰው እኮ፤ የት ጋ ነው የሳትኩት?»

ወንድሜ፣ 56.5 ልክ ነው። የዘለልከው ግማሹን ነው። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን አስጠናለሁ፤ እንዲህ ያለ ከልክ በላይ የወጣ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያችን ½ ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦

ΔP/P ≈ −D·Δy + ½·C·(Δy)²

ያንተ ቦንድ ሞዲፋይድ ዱሬሽኑ 6.418 ነው። በ0.03 ስታባዛው 19.25% ቅናሽ ይሰጥሃል፤ 807.47 ብር ያልከው ከዚህ የመጣ ነው። ማረሚያው ደግሞ ½ × 56.5 × 0.0009 ነው፤ 2.54% ገደማ፣ ማለትም 25.42 ብር። ስትደምረው 832.89 ይሆናል። አንተ ሙሉውን 50.85 ብር ስለጨመርክ ነው 858 ላይ የወጣኸው።

ግማሹ ከየት መጣ ለሚለው ቀመሩን ከመሸምደድ ዋጋውን አንድ አንድ ፐርሰንት እያሳደጉ ማየት ይሻላል። ኤክሴል ላይ `=-PV(10%,10,90,1000)` ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ 10%ን ወደ 11% እና 12% ቀይረው። ከ9% ወደ 10% ሲወጣ ቦንዱ 61.45 ብር ያጣል። ከ10% ወደ 11% 56.34፣ ከ11% ወደ 12% ደግሞ 51.72 ብቻ። ዱሬሽን ግን ሦስቱንም ጊዜ 64.18 እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚያውቀው 9% ላይ ሆኖ ያየውን ፍጥነት ብቻ ነውና። ይልዱ ሲጨምር የሩቅ ዓመታት ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ ከቅርቦቹ ይበልጥ ስለሚመነምን የቦንዱ ክብደት ወደ ቅርቦቹ ይሸሻል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ፐርሰንት የሚጎዳው ያነሰ ነው። ኮንቬክሲቲ የሚለካው ይህ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ለውጡ ደግሞ አንድ ጊዜ ዱብ አይልም፤ መነሻው ላይ ዜሮ ሆኖ 12% ላይ ነው ሙሉ የሚሆነው። በመንገዱ ሁሉ ያለውን አማካይ ስትወስድ ግማሹ ነው የሚደርስህ።

የቀረችው 2.40 ብር ልዩነት (832.89 ከ830.49) ስህተት አይደለችም። ኮንቬክሲቲው ራሱ ይልዱ ሲወጣ ይቀንሳል፤ ቀመሩ ግን እንዳለ ነው የሚይዘው። ወደ ታች ብትሄድም ታያታለህ፦ ይልዱ 6% ቢሆን እውነተኛው ዋጋ 1,220.80 ነው፤ ዱሬሽን ብቻውን 1,192.53 ይላል፣ ከማረሚያው ጋር 1,217.95። ልብ በል፣ Δy ካሬ ስለሆነ እንዲህ ባለ ተራ ቦንድ ማረሚያው በሁለቱም አቅጣጫ ይደመራል። ይልድ ወጣ ብሎ የሚቀንሰው ብዙ ሰው ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረው ልምጣ፤ ይሄ ከፈተናም በኋላ ይከተልሃል። «ኮንቬክሲቲ» ተብሎ የተሰጠህ ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንድ መጽሐፍ ግማሹን አስቀድሞ ውስጡ ከቶ ለዚሁ ቦንድ 28.25 ይልሃል፤ አንዳንድ ስክሪን ደግሞ በ100 አካፍሎ 0.565 ያሳያል። የትኛው እንደሆነ መለያው ቀላል ነው። ዋጋውን 8% እና 10% ላይ አውጣ፤ 1,067.10 እና 938.55 ይመጣልሃል። ደምራቸውና የዛሬውን ዋጋ እጥፍ፣ 2,000ን ቀንስ፤ 5.65 ይተርፋል። ይህን ለ1,000 × 0.01² ስታካፍል 56.5። የተሰጠህ ቁጥር ከዚህ በግማሽ ካነሰ ½ውን ተወው፤ በመቶ እጅ ካነሰ በ100 አባዛው። ኤክሴል ለዱሬሽን MDURATION አለው፤ ለኮንቬክሲቲ ግን የራሱ ፈንክሽን ስለሌለው እኔ ሁሌም በዚህ መንገድ ነው የማወጣው።

ለትንሽ ለውጥ አትድከም። ይልዱ በ0.25% ብቻ ቢንቀሳቀስ ዱሬሽን 16.04 ብር ይላል፣ ማረሚያው 18 ሳንቲም ገደማ ነው። እንደ ጥያቄህ ሦስት ፐርሰንት ሲሆን ግን መተው አይቻልም። አውጪው ከጊዜው በፊት መልሶ ሊገዛው የሚችለው ቦንድ ከሆነ ደግሞ ይልዱ ሲወርድ ኮንቬክሲቲው ኔጌቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይ ያለው «በሁለቱም አቅጣጫ ይደመራል» ለእሱ አይሠራም።

ፈተናው ላይ ኩፖኑ በየስድስት ወሩ ነው ካሉህ በግማሽ ዓመት የቆጠርከውን ዱሬሽን ለ2፣ ኮንቬክሲቲውን ለ4 አካፍል። ሁለቱንም ለ2 ያካፈለ ማረሚያው እጥፍ ይሆንበታል፤ ያኔም ልክ እንዳሁኑ 858 የሚመስል ነገር ነው የምታገኘው።